ዝናቡ ተከሰሰ፤ ማዳበሪያው የት ነበር?

በቆሎ ተሸልቅቆ፣ ዳጉሳው ተወቅቶ ሲያልቅ በየዓመቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰማል። ምርቱ ከወረደ «ዘንድሮ ዝናቡ አልተስማማም» ይባላል። ከመሸንቲ እስከ መራዊ፣ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት እስከ ክልል ቢሮ፣ ከጠላ ቤት እስከ ዜና እወጃ ያው ነው። ዓረፍተ ነገሩ ለሁሉም ይመቻል። ሰማይ አይከሰስም፣ ሰማይ መግለጫ አያወጣም፣ ሰማይ ሂሳብ አያወራርድም።

ምርቱ ከፍ ያለ ዓመት ግን ዝናብ የሚባል ነገር ከሪፖርቱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ምርቱን የጨመረው ፓኬጁ ነው፣ ምርጥ ዘሩ ነው፣ «የባለሙያው ያላሰለሰ ጥረት» ነው። ሲጨምር የቢሮው፣ ሲቀንስ የሰማዩ! እንዲህ ያለ ሂሳብ የሚይዝ ነጋዴ ቢኖር ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉት ይታወቃል።

አሁን ደግሞ ይህን ወሬ በቁጥር የሚያስጌጡ ተነስተዋል። አንዱ የዓመታቱን ዝናብ በአንድ ረድፍ፣ የዓመታቱን ምርት በሌላ ረድፍ ያስቀምጣል፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱ አብረው እንደሚወጡና አብረው እንደሚወርዱ ይነግረዋል። ከዚያ ተነስቶ «እነሆ በሳይንስ ተረጋገጠ፤ የምርቱ ጌታ ዝናቡ ነው» ይላል። ምንም አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ብቻ ነው። አብሮ መሄድ ሌላ፣ አንዱ ሌላውን ማምጣቱ ሌላ። በሁለቱ መካከል ስሙ ያልተጠራ ሦስተኛ ነገር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በቆሎ በሚዘራበት በዚህ አገር ደግሞ ያ ሦስተኛ ብዙ ጊዜ በጆንያ የሚመጣ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የመሸንቲን መሬት መውሰድ ይበቃል። ከባህር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ዙሪያዋ ቀይ አፈር ነው፤ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍ ይዘራበታል፤ ጫትና ባሕር ዛፍም ቦታ እየያዙ ነው። የባህር ዳር አካባቢ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ይህ ለበቆሎ ከበቂ በላይ ነው። ከ1,400 ላይ 200 ቢጎድል እንኳ፣ ጉድለቱ በክፉ ሰዓት ካልመጣ በቀር፣ በቆሎ በውኃ ጥም የሚሞትበት አገር አይደለም።

ታዲያ በቆሎው ምን ይፈልጋል? በሄክታር 40 ኩንታል የሰጠ ማሳ በፍሬው ብቻ 60 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ከመሬቱ ይዞ ይወጣል። አገዳው ለከብት ከተሰጠ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ለብዙ ዓመታት በየቀበሌው ሲነገር የኖረውን ምክር የሚያስታውስ ያስታውሰው፤ ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር። ዳፑ ውስጥ 18 ኪሎ፣ ዩሪያው ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ድምሩ 64 ኪሎ ነው። እርግጥ የተጨመረው ሁሉ ወደ ተክሉ አይገባም፤ አፈሩም የራሱ አለው። ሆኖም ሂሳቡ የሚያሳየው ግልጽ ነው። ለዘመናት ተደጋግሞ የታረሰ ቀይ አፈር ከራሱ ጓዳ 40 ኩንታል የሚያወጣ ናይትሮጅን የለውም። ዝናብ ደግሞ ይህን ጉድለት ሊሞላ አይችልም፤ እንዲያውም ሲበዛ ያለውን አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል።

እዚህ ላይ ወሳኙ ጥያቄ ይመጣል። ማዳበሪያው ምርቱን የሚወስን ከሆነ ለምን ዝናቡ የወሰነው መሰለ? መልሱ ማዳበሪያና ዝናብ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚመጡ ነው። አርሶ አደር ሞኝ አይደለም። ዝናቡ በጊዜ ከገባ በቆሎውን ይዘራል፣ ዱቤ ይወስዳል፣ ዩሪያውን በልቡ ሙሉ ይበትናል። ዝናቡ ከዘገየ ግን ወደ ጤፍ ወይም ወደ ሌላ ቶሎ የሚደርስ እህል ይዞራል፤ የዘራውንም በቆሎ «ከስሮ ዕዳ ከመሸከም» ብሎ ዩሪያ ይነፍገዋል። መንግሥትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ቀድሞና በዝቶ የሚጫነው «አስተማማኝ ዝናብ ያለው» ወደሚባለው ወረዳ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ጥሩ የሆነበት ዓመትና ቦታ፣ ማዳበሪያም የበዛበት ዓመትና ቦታ ሆኖ ይገኛል። ሁለት ረድፍ ቁጥር ብቻ የያዘው ሰው ማዳበሪያው የሠራውን ሁሉ ለዝናቡ ይጽፍለታል።

ይህ በቁጥር ይታይ። የሚከተለው ለማሳያ የተደረደረ እንጂ ከየትም መዝገብ የተቀዳ አይደለም። እያንዳንዳቸው አንድ ሄክታር የሆኑ አሥር ማሳዎች አሉ እንበል። ዝናቡ በተስማማበት ዓመት ስምንቱ ማዳበሪያ አገኙ፣ ሁለቱ አላገኙም። ያገኙት 40 ኩንታል፣ ያላገኙት 18 ኩንታል ሰጡ። አማካዩ 35.6 ኩንታል ነው። ዝናቡ ባነሰበት ዓመት ነገሩ ተገለበጠ፤ ሁለቱ ብቻ ማዳበሪያ አገኙ፣ ስምንቱ አላገኙም። ያገኙት 34፣ ያላገኙት 15 ኩንታል ሰጡ። አማካዩ 18.8 ነው።

ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ሁለቱ አማካይ ብቻ ነው። ከ35.6 ወደ 18.8! ወደ 17 ኩንታል የሚጠጋ ጉድለት፤ ምርቱ በግማሽ ወረደ፤ ዝናቡም አነሰ፤ እንግዲህ ዝናቡ ነው ይባላል። ግን ማዳበሪያ ያገኙትን ካገኙት ጋር ማወዳደር ነው። 40 እና 34፤ ልዩነቱ 6 ኩንታል ነው። ያላገኙትን ካላገኙት ጋር ሲያወዳድሩ ደግሞ 18 እና 15፤ ልዩነቱ 3 ነው። ዝናቡ የወሰደው ይህን ያህል ነው። በሁለቱም ዓመት፣ በዚያው ሰማይ ሥር፣ ማዳበሪያ ባገኘና ባላገኘ መካከል ያለው ልዩነት ግን አንዱ ዓመት 22፣ ሌላው ዓመት 19 ኩንታል ነው። 17ቱን ኩንታል በሙሉ ለዝናቡ ያሸከመው ሰው ሂሳቡን አልተሳሳተም፤ አማካዩ ትክክል ነው። የተሳሳተው ጆንያውን ስላልቆጠረ ነው።

«ይህ የወረቀት ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ወደ ሆነው ነገር።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የተሰበሰበው መኸር በኢትዮጵያ የበቆሎ ታሪክ ስሙ የሚነሳ ነው። ዝናቡ ተስማማ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲስፋፋ የነበረው የዘርና የማዳበሪያ ፓኬጅ ብዙ ቤት ደርሶ ነበር፣ ምርቱም ሞላ። ምዕራብ ጎጃም ደግሞ ከዋነኞቹ በቆሎ አምራቾች አንዱ ነው። ከዚያ የሆነውን ገበሬው አይረሳውም። የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ በዋና ዋና አምራች አካባቢዎች እስከ 80 በመቶ ድረስ ወረደ። የማዳበሪያው ዱቤ በክልሎች ዋስትና ከባንክ የመጣ ነበርና የሚሰበሰበው ምርቱ እንደገባ ነው። ሁሉም ዕዳውን ለመክፈል በአንድ ሰሞን እህሉን ወደ ገበያ አወጣ፤ ሁሉም ባወጣ ቁጥር ዋጋው ይበልጥ ወረደ። የእህል ንግድ ድርጅት የሚባለው የመንግሥት ተቋም የገዛው ከቀረበው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነበር።

የዋጋ ውድቀት ለከተማ ሰው እፎይታ ይመስላል። ለአራሹ ምን ማለት እንደሆነ ግን በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ በሦስት ኩንታል በቆሎ ይገዛ የነበረ ቢሆን፣ በቆሎው ከዋጋው አራት አምስተኛውን ሲያጣ ያው ማዳበሪያ 15 ኩንታል በቆሎ ይጠይቃል። ለአንድ ሄክታር ዳፕም ዩሪያም ያስፈልጋል፤ ሁለት ኩንታል ማለት 30 ኩንታል በቆሎ ነው። ከማሳው 40 የሚያገኝ ሰው 30ውን ለማዳበሪያ ሰጥቶ በአሥሩ ቤተሰቡን ይመግባል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ግብር ይከፍላል ማለት ነው። የትኛው ጤነኛ ሰው ይህን ያደርጋል? በ1994 ክረምት መግቢያ ላይ ብዙ አርሶ አደር አላደረገውም። ማዳበሪያ ቀነሰ፣ ምርጥ ዘር ቀነሰ፤ በአገር ደረጃም የማዳበሪያ አጠቃቀም በግልጽ ወረደ።

በዚያው ክረምት ዝናቡ ጎደለ። ዘገየ፣ በብዙ ቦታ ተቆራረጠ። በ1995 ዓ.ም. የእርዳታ እጅ የሚጠብቀው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በዚያ ዓመት የተነገረው ታሪክ አንድ ነው፤ ድርቅ። ዓለም የሰማው ድርቅን ነው፣ እርዳታ የተለመነው በድርቅ ስም ነው፣ እስከ ዛሬም ያ ዓመት የሚታወሰው በድርቅ ነው።

ድርቁ ውሸት አልነበረም። በአፋር፣ በሐረርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ከብት ያለቀው፣ ሰው የተራበው ዝናብ ስለጠፋ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ካለ ጨካኝ ነው። ነገር ግን የአገሪቱን ምርት ውድቀት ሁሉ ጠቅልሎ ለድርቁ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ያ ዓመት ዝናብም ማዳበሪያም በአንድ ላይ የቀነሱበት ዓመት ነው፤ ልክ በማሳያው ላይ እንዳለው ሁለተኛ ዓመት። ማዳበሪያው የቀነሰው ደግሞ ሰማዩ ስለጨከነ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ሰማዩ ቸር በሆነበት ጊዜ ገበያው ስለጨከነ ነው። አርሶ አደሩ ስለ ሐምሌው ዝናብ ምንም ሳያውቅ፣ ገና በግንቦት፣ ጆንያውን ላለመውሰድ ወስኖ ነበር። ውሳኔው ከዝናቡ ቀድሟል። ቀድሞ የመጣውን ነገር ኋላ የመጣ ነገር አያመጣውም፤ ይህን ለማወቅ ስታትስቲክስ መማር አያስፈልግም።

ልዩነቱ የቃላት አይደለም። ጥፋቱ የዝናቡ ብቻ ከሆነ የሚሠራው ሥራ ስንዴ መለመንና ምሕላ መያዝ ነው። የጥፋቱ አንድ ክፍል የዋጋው ከሆነ ግን ሌላ ሥራ አለ። ትርፍ በተመረተበት ዓመት የሚገዛና የሚያከማች አቅም፣ ዕዳን ከመኸር ማግስት አርቆ የሚሰበስብ ውል፣ ከትርፍ አካባቢ ወደ ጎደለው እህል የሚያደርስ መንገድና ነጋዴ። በ1994 ርካሽ የሆነው የጎጃም በቆሎና በ1995 ከውጭ የተጫነው እርዳታ መካከል ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ዝናቡን ብቻ የከሰሰ ሰው ይህን ዓመት ሳያየው አለፈ።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ 2015 ዓ.ም. ሩቅ አይደለም። ክረምቱ ሊገባ ሲል የማዳበሪያ እጥረቱ አርሶ አደሩን ከየቀበሌው አስነስቶ ባህር ዳር ድረስ ለአቤቱታ አምጥቶት ነበር። በዘር ጊዜ ያልደረሰ ማዳበሪያ በመኸር ጊዜ የጎደለ እህል ነው። ያን ጊዜ «ዝናቡ አልተስማማም» ብሎ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ካለ ቢያንስ ጆንያው የደረሰበትን ቀን ከጎኑ ይጻፍ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል። ጆንያ መቁጠር ብቻውን ነገሩን አይፈታውም፤ እዚህ ላይ የማዳበሪያ ወገን የሆኑት ሰዎችም መነካታቸው አይቀርም። ከላይ በተሰጠው ማሳያ ዝናቡ ባነሰበት ዓመት ማዳበሪያ ያገኙት ሁለቱ እነማን ናቸው? ምናልባት ሁለት ጥማድ በሬ ያላቸው ናቸው። ምናልባት ማሳቸው ከቤታቸው አጠገብ ሆኖ ፍግ ሲጠጣ የኖረ ነው። ምናልባት ቀድመው አርሰው ቀድመው የዘሩ፣ ለአረም ሰው የሚቀጥሩ ናቸው። እንዲህ ከሆነ 19ኙ ኩንታል ሁሉ የማዳበሪያው አይደለም፤ አንድ እጁ የበሬው ነው፣ አንድ እጁ የፍጉ ነው። «ሞዴል አርሶ አደር» እየተባለ ማሳው በካሜራ የሚጎበኝለት ሰው ላይ የሚሠራው ስህተት ይኸው ነው። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ከመንግሥት ጋር በየአርሶ አደሩ የግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያ ሲዘረጋ የተገኘው ምርት ዓይን የሚስብ ነበር፤ ነገር ግን የተመረጠ ሰው በተመረጠ ማሳ ያገኘውን የወረዳው ሕዝብ ሁሉ ያገኘዋል ብሎ መተንበይ ዝናቡን ብቻ ከመክሰስ የተለየ ስህተት አይደለም።

መፍትሔው የታወቀ ነው፣ አሮጌም ነው። በእንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባል የምርምር ጣቢያ ብሮድባልክ የተሰኘ ማሳ አለ። ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመደብ በመደብ ተከፍሎ ስንዴ ይዘራበታል። አንዱ መደብ ምንም አይሰጠውም፣ አንዱ ፍግ ያገኛል፣ ሌሎቹ የተለያየ ማዳበሪያ ያገኛሉ። በሁሉም ላይ የሚወርደው ዝናብ አንድ ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዝናብ ሥር አንዱ መደብ ከሌላው በብዙ እጥፍ ሲበልጥ ልዩነቱን ለዝናቡ የሚሰጥ ሰው አይኖርም።

ሮናልድ ፊሸር የሚባለው የስታትስቲክስ ሰው በ1919 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ጣቢያ ሄዶ የዚህን ማሳ የ67 ዓመት ምርት ዘርዝሮ መረመረ። ከዓመት ዓመት የሚያወዛውዘውን አየር ጠባይ ለየ፤ አፈሩ ቀስ በቀስ የሚደክመውንም ለየ። ከሁለቱም ውጭ የሆነ፣ ዓመታት ይዞ ቀስ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ ሦስተኛ ነገር ግን ቀረ። በመደቦቹ ሁሉ ላይ ስለታየ ማዳበሪያ አይደለም፤ ለዓመታት ስለዘለቀ የአንድ ዓመት ዝናብም አይደለም። እሱ የጠረጠረው አረምን ነው። ቀድሞ አረሙን በእጅ የሚነቅሉት ልጆች ነበሩ፤ ትምህርት ግዴታ ሲሆን ልጆቹ ከማሳው ወጡ። እስቲ ማን ይገምታል? ለስንዴ ምርት መውረድ የትምህርት አዋጅ! በመሸንቲ ዙሪያ በሐምሌ ዳጉሳ ያረመ ሰው ግን አይደነቅም። አረም ላይ ስንት እጅ እንደወጣ የሚመዘግብ ሪፖርት በዚህ አገር የት አለ?

ይህን ለማድረግ እንግሊዝ መሄድ አያስፈልግም። በአንድ ቀበሌ 30 ፈቃደኛ አርሶ አደሮች ይገኙ። እያንዳንዱ ከማሳው ላይ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት እኩል መደቦች ይለይ፤ ሩብ ቃዳ እንኳ ይበቃል። የትኛው መደብ ዩሪያ እንደሚያገኝ አርሶ አደሩም ባለሙያውም አይምረጥ፤ ዕጣ ይጣል። ምሥጢሩ ሁሉ ዕጣው ላይ ነው። ሰው ከመረጠ ሳያውቀው ለተሻለው መሬት ዩሪያውን ይሰጣል። ዕጣ ግን መሬቱ ደልዳላ ይሁን ገደላማ፣ ፍግ የጠጣ ይሁን ያልጠጣ አያውቅም። ዘሩ፣ የዘር ቀኑ፣ አረሙ በሁለቱም አንድ ይሁን። ከዚያ በመኸር ጊዜ ሁለቱ ለየብቻ ይመዘኑ። 30 ጥንድ ቁጥር ይገኛል፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ ዝናቡ አንድ፣ ገበሬው አንድ፣ በሬው አንድ ነው። የቀረው ልዩነት የዩሪያው ነው። ይህ በተከታታይ ሁለት ሦስት ዓመት ቢደገም ደግሞ ዝናቡ ራሱ ምን ያህል እንደሚወስድ፣ ዩሪያው በጥሩ ዝናብና በደካማ ዝናብ ምን ያህል እንደሚለያይ ማየት ይጀመራል።

ሙከራው እስኪደረግ ድረስ ደግሞ ማሳው ራሱ ይናገራል። ውኃ የጠማው በቆሎ ቅጠሉ በቀትር እንደ ቱቦ ይጠቀለላል፤ ሲመሽ ይዘረጋል፤ ጥሙ ሲጸና ጠዋትም ተጠቅልሎ ይገኛል። ናይትሮጅን የራበው ግን ምልክቱ ሌላ ነው። ቢጫው ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ይጀምራል፤ ከጫፉ ተነስቶ መካከሉን ይዞ ወደ አገዳው ይገባል፤ ላዩ ቅጠል ገና አረንጓዴ ሆኖ ታቹ ይደርቃል። በነሐሴ፣ ጭቃ እያቦካ በሚሄድበት ማሳ ውስጥ ታቹ ቢጫ የሆነ በቆሎ እያየ «ዝናብ አጥሮት ነው» የሚል ባለሙያ ካለ ጭቃውን ከጫማው ይጥረገውና ደግሞ ይመልከት።

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ «ዝናብ ምንም አይደለም» ወደሚል ሌላ ጥግ መሮጥም አለ፤ ያም ስህተት ነው። በቆሎ ፀጉር በሚያወጣበት ሰሞን ሁለት ሳምንት ዝናብ ቢጠፋ የዓመቱ ድምር ምንም ያህል ቢሆን ፍሬው ጎዶሎ ይሆናል። የዓመት ድምር ይህን ይሸፍናል፤ 1,400 ሚሊ ሜትር በትክክለኛው ሳምንት ያልወረደ ከሆነ ለበቆሎው 1,400 አይደለም። በዋግ ኽምራ ያለ አርሶ አደር ጋር ደግሞ ጥያቄው ከሥሩ ይለያል፤ ውኃ በሌለበት ዩሪያ መበተን ገንዘብ መበተን ነው። ዝናብና ማዳበሪያ አንዱ ሌላውን ያጠነክራል፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይደክማል። ለዚህም ነው ለመላው ክልል አንድ መልስ የሚሰጥ ሰው ከመሸንቲም ከሰቆጣም የማይሆነው።

እንግዲህ የዘንድሮው መኸር ሲሰበሰብ፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ «ዝናቡ አልተስማማም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንደገና ሲነበብ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነስቶ ጥቂት ነገር ይጠይቅ። ዝናቡ የቆመው በየትኛው ሳምንት ነው፤ በቆሎው ያኔ ምን ላይ ነበር? ከዚህ ቀበሌ ስንት ቤት ማዳበሪያ አገኘ፣ አምና ስንት ነበር? ጆንያው የደረሰው ከዘሩ በፊት ነው በኋላ? ዩሪያው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ነበር ወይስ ከዚያ ሁሉ በኋላ? የአምናው በቆሎ በስንት ተሸጦ ነበር? የዝናቡ መልስ ባህር ዳር ያለው የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ ላይ ይገኛል። የቀሩት መልሶች ሩቅ አይደሉም፤ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን፣ ወጪና ገቢ የሚመዘገብበት ደብተር ላይ ከነቀናቸው አሉ።